በረዶ ቀላል ከሆነ ብረት እንዴት ይሰነጥቃል?

ጥያቄ፦ «መሃል ሜዳ ነው የምኖረው። ባለፈው ታኅሣሥ የግቢያችን ቧንቧ ፈነዳ። ግማሽ ኢንች ብረት ነው፤ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ወጥቶ ነው ሩቢኔቱ ያለው። ሌሊቱን ምንም አልነበረም። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ውኃው ፊን ብሎ ወጣ። የተሰነጠቀው ከሩቢኔቱ ሥር ነው፣ ቁመቱን ይዞ። አንዱ ባለሙያ ‹ፀሐይ ነው ያፈነዳው፣ ፒፒአር ፕላስቲክ ቀይርበት› አለኝ። ሌላው ‹ወፍራም ብረት አስገባ› ይላል። ሚኒሶታ ያለው ወንድሜ ‹ሁለት ሜትር ቆፍረህ ቅበረው› አለ። ልጄ ደግሞ በረዶ ከውኃ ስለሚቀል ይንሳፈፋል ተብሎ ተምሯል። ቀላል ነገር እንዴት ብረት ይሰነጥቃል? ማታ ማታ ቫልቩን ዘግቼ ብተኛስ ይበቃል?»

መልስ፦ ፀሐይ አላፈነዳችውም። ቧንቧው የተሰነጠቀው ሌሊት ነው፤ ምናልባት ሊነጋጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 10 እና 11 ሰዓት ገደማ። ያን ጊዜ ያልፈሰሰው ውስጡ ያለው በረዶ ራሱ መንገዱን እንደ ቡሽ ደፍኖት ስለነበር ነው። ፀሐይ ቡሹን አቀለጠችው፣ መስመሩ ግፊት ስላለው ውኃው በስንጥቁ ወጣ። ሰው የሚያየው ፍሳሹን እንጂ ስንጥቁን ስላልሆነ ጥፋቱ ሁሌ በፀሐይ ይሳበባል። ይህን ማስተካከል ዋጋ አለው። ፀሐይ ናት ብሎ ያመነ ሰው ቧንቧውን ጥላ ሥር ያዞረዋል፤ ጥላው ደግሞ ጠዋት በረዶው ቶሎ እንዳይቀልጥ ከማድረግ በቀር አይጠቅመውም።

ልጅዎ የተማረው ትክክል ነው። ያምታታዎት «ቀላል» የሚለው ቃል ነው። አንድ ኪሎ ውኃ ሲረጋ አንድ ኪሎ በረዶ ነው የሚሆነው፤ ክብደቱ አልቀነሰም። የተለወጠው የሚይዘው ቦታ ነው። አንድ ሊትር ውኃ ወደ በረዶ ሲለወጥ 1.09 ሊትር ያህል ይሆናል፤ ማለትም በ9 በመቶ ያብጣል። ስለዚህ አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ሲመዝን፣ አንድ ሊትር በረዶ ግን 917 ግራም ብቻ ይመዝናል። የሚንሳፈፈው በዚህ ነው። ቧንቧ የሚሰነጥቀውም በዚሁ ነው። ቦታ ያለው በረዶ ይንሳፈፋል፣ ቦታ የተነፈገ በረዶ ግድግዳውን ይገፋል። ፍሪዘር ውስጥ ቢራ ረስቶ ያደረ ሰው ሁለተኛውን አሳምሮ ያውቀዋል።

ውኃ በዚህ ጠባዩ ከአብዛኛው ነገር ይለያል። ወጥ ቤት ገብተው በቅቤ ይሞክሩት። ተነጥሮ የረጋ ቅቤ ቆርጠው የቀለጠ ቅቤ ውስጥ ቢጥሉት ይሰምጣል። ጣሳ ውስጥ ሞልተው ያሳደሩትን ንጥር ቅቤ ጠዋት ሲከፍቱት ደግሞ መሀሉ ሰርጉዶ ያገኙታል፤ ሲረጋ ተኮማትሯልና። በዚያው ጣሳ ውኃ ሞልተው ውርጭ ላይ ቢያሳድሩት መሀሉ ወደ ላይ አብጦ ነው የሚያገኙት። ቧንቧዎ ውስጥ ውኃ ሳይሆን ቅቤ ቢኖር ኖሮ፣ ምንም ያህል ቢበርድ አይፈነዳም ነበር።

ለምን እንዲህ ሆነ? የውኃ ቅንጣት ሌሎች አራት ቅንጣቶችን መያዝ ትችላለች። ውኃው ፈሳሽ እያለ አያያዙ ልቅ ነው፤ ይያያዛሉ፣ ይለቃቀቃሉ፣ አንዷ በሌላዋ ክፍተት ትሸጎጣለች። የጥምቀት ሕዝብ ታቦት ሲያጅብ እንደሚጋፋው በሉት፤ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ብዙ ሰው በጠባብ መንገድ ያልፋል። ያው ሕዝብ ደርሶ እጅ ለእጅ ተያይዞ ክብ ሠርቶ ይጨፍር ቢባል ሜዳው አይበቃውም፤ የክቡ መሀል ባዶ ነዋ። በረዶም እንዲሁ ነው። ቅንጣቶቹ ሲቀዘቅዙ እያንዳንዷ አራት ጎረቤቶቿን አጥብቃ ትይዛለች፤ ስድስት ስድስት እየሆኑ ቀለበት ይሠራሉ፣ በቀለበቱ መሀል ባዶ ቦታ ይቀራል። ያ ባዶ ቦታ ነው 9 በመቶ የምንለው።

ይህ ዝግጅት ውኃው ሳይረጋ ነው የሚጀምረው። ውኃ ከሁሉ በላይ የሚታመቀው 4 ዲግሪ ላይ ነው። ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝ መልሶ ጥቂት ጥቂት መላላት ይጀምራል። በውርጭ ሌሊት የከብት መጠጫ ገንዳ ከላይ ብቻ በስስ በረዶ ተሸፍኖ፣ ሥሩ ግን ውኃ ሆኖ የሚያድረው ለዚህ ነው። በጣም የቀዘቀዘው ውኃ ላይ ይቀራል፣ የሚረጋውም ላይ ነው። ባሌ ላይ በሳነቴ አምባ ባሉት ትናንሽ ኩሬዎችም ጠዋት ጠዋት የሚታየው ይኸው ነው። (በነገራችን ላይ አማርኛችን እዚህ ላይ ትንሽ ያስቸግራል። ከሰማይ የሚዘንበውንም፣ በፍሪዘር የረጋውንም «በረዶ» ነው የምንለው። እዚህ የማወራው የረጋ ውኃ ስለሆነው ነው።)

አሁን ወደ ጉልበቱ። ውኃ ለመርጋት መስፋት አለበት። እንዳይሰፋ ካፈኑት ደግሞ አይረጋም፤ ግን ለማፈን የሚያስፈልገው ኃይል ነው ጉዱ። ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ ላይ ውኃን ሳይረጋ ለማቆየት 130 ባር ያህል ግፊት ይጠይቃል። ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ላይ 600 ባር ይጠጋል። የከተማ መስመር ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ባር ነው። ገበያ ላይ «ፒኤን 20» ተብሎ የሚሸጠው ፒፒአር ለ20 ባር የተሠራ ነው። «ወፍራም ብረት አስገባ» ያለው ሰው ከዚህ ቁጥር ጋር ነው የተወራረደው። በ1784 እና 85 ክረምት ኩቤክ ውስጥ አንድ እንግሊዛዊ የመድፈኛ መኮንን ውኃ የሞላባቸውን የብረት ቦምቦች በብረት ቡሽ ወትፎ ብርድ ላይ አሳደራቸው። አንዳንዱ ቡሹን አሽቀንጥሮ ወረወረ፤ ቡሹ የጸናበት ደግሞ ራሱ ተሰነጠቀ። የቦምብ ቅርፊት ያልቻለውን ግማሽ ኢንች ቧንቧ አይችለውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የእርስዎ ቧንቧ የተሰነጠቀው ከሩቢኔቱ ሥር ነው። ብዙ ሰው «በረዶው የተሠራው እዚያ ነው» ብሎ ያስባል። አብዛኛውን ጊዜ ግን በረዶው ያለው ሌላ ቦታ፣ ስንጥቁ ሌላ ቦታ ነው። በረዶ በቧንቧ ውስጥ ከግድግዳው ጀምሮ ወደ መሀል እያደገ ነው የሚሄደው። በቆመው ቧንቧ ላይ በጣም በቀዘቀዘው ቦታ፣ በሉት መሀል ላይ፣ መጀመሪያ ቀለበት ይሠራል፤ ቀለበቱ እየጠበበ ሄዶ ይዘጋል። አሁን ውኃው ለሁለት ተከፈለ። ከታች ያለው ሲጨነቅ ወደ መንገዱ መስመር ይመለሳል፣ ስለዚህ አይጎዳም። ከላይ ያለው ግን ተይዟል። ከታች የበረዶ ቡሽ፣ ከላይ የተዘጋ ሩቢኔት።

በቁጥር እንየው። በግማሽ ኢንች የብረት ቧንቧ አንድ ሜትር ውስጥ ያለው ውኃ 200 ሚሊ ሊትር ነው፤ አንድ ብርጭቆ አይሞላም። ከቡሹ በላይ 30 ሳንቲ ሜትር ተይዟል ብንል 60 ሚሊ ሊትር ነው። ቡሹ በሌሊቱ 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ ቢያድግ፣ 10 ሚሊ ሊትር ውኃ በረዶ ሆነ ማለት ነው። እሱም ወደ 0.9 ሚሊ ሊትር የሚጠጋ ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋል። ይህ አሥራ ስምንት የውኃ ጠብታ ቢሆን ነው። ያን ያህሉን በቀረው 50 ሚሊ ሊትር ውኃ ውስጥ ጠቅጥቆ ለማስገባት ግን ከ300 ባር በላይ ያስፈልጋል፤ ውኃ በቀላሉ አይጨመቅምና። ለዚህ ደግሞ ከዜሮ በታች 3 ዲግሪ ይበቃል። ቧንቧው ጥቂት ይለጠጣል፣ ጥቂት ይታገሣል፤ መጨረሻ ላይ ግን ከሁሉ ደካማው ቦታ ይሰጣል። ደካማው ጥርስ የወጣለት ጫፍ ነው፤ ብረቱ እዚያ ጋ ግማሹ ተበልቷል። ካልሆነም የቧንቧው የብየዳ መስመር፣ ወይም የሩቢኔቱ ሆድ። አሜሪካ ውስጥ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ ቧንቧ እያቀዘቀዙ ሲፈትሹ ያገኙትም ይህንኑ ነው፤ ስንጥቁ በረዶው ባለበት ሳይሆን በበረዶውና በተዘጋው ሩቢኔት መካከል ይከሰታል።

ቁመቱን ይዞ መሰንጠቁም ምስክር ነው። ከውስጥ የተገፋ ቱቦ ከርዝመቱ ይልቅ በዙሪያው በእጥፍ ይወጠራል፤ ስለዚህ በቁመቱ ይተረተራል። የተቆረጠውን ቁራጭ ካልጣሉት አውጥተው ይዩት። የስንጥቁ ከንፈር ወደ ውጭ ገልበጥ ካለና ዙሪያው ካበጠ፣ በረዶ ነው። ዝገት ቢሆን ኖሮ እንደ መርፌ ቀዳዳ ክብ ሆኖ፣ ዙሪያው ተበልቶ ያገኙት ነበር።

ሌሊቱ ምን ዓይነት ሌሊት እንደነበረም አስባለሁ፤ ጥርት ያለ፣ ኮከቡ የረገፈ፣ ነፋስ የሌለበት። ደመና ያለበት ሌሊት ውርጭ አይጥልም። ከኅዳር እስከ ጥር በደጋ አየሩ ደረቅ፣ ሰማዩ ገላጣ ነው። ሰማይ ፊት ለፊት የቆመ ነገር ሁሉ ሙቀቱን ሽቅብ ይረጫል፣ የሚመልስለት ደመና የለም። በዚህ የተነሣ መሬቱ፣ ሣሩና የብረት ቧንቧዎ ከዙሪያቸው አየር በታች ይቀዘቅዛሉ። ቴርሞ ሜትር በሰው ቁመት ላይ 2 ወይም 3 ዲግሪ እያሳየ ሣሩ አመዳይ ለብሶ የሚያድረው ለዚህ ነው። «ትንበያው ከዜሮ በላይ ነው» ብሎ መዘናጋት አይሆንም። ግቢዎ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ከሆነ ደግሞ ባሰ፤ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውኃ ቁልቁል ፈስሶ እዚያ ይተኛል።

«ከፍታው ነው፣ አየሩ ስለሳሳ ውኃው ቶሎ ይረጋል» የሚሉም አሉ። አይደለም። የአየር ግፊት መቀነስ የሚፈላበትን ዲግሪ በጣም ያወርዳል፤ በ3,000 ሜትር ላይ ውኃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። የሚረጋበትን ግን ልብ በማይባል ቁጥር ነው የሚነካው። ከፍታ የሚጎዳን በሚያመጣው ብርድ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቫልቩ። ማታ ዘግተው ብቻ ከተኙ ነገሩን ያባብሱታል። ሩቢኔቱ ዝግ፣ ቫልቩም ዝግ፣ መሀሉ ውኃ የሞላበት ቧንቧ! ቅድም ከታች ያለው ውኃ ወደ መንገዱ መስመር ይሸሻል ያልኩት ቀረ፤ ማምለጫውን በገዛ እጅዎ ዘጉት። ይህን ስሕተት እኔም ሠርቼዋለሁ። ሥራ በጀመርኩበት ዘመን ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ቤት አድሬ፣ «ብልህ ነኝ» ብዬ ዋናውን ሳራቺኔስካ ጠርቅሜ ተኛሁ። ጠዋት ሁለት ክርኖችና አንድ ሩቢኔት ነው ያስከፈለኝ። ከዘጉ ማራገፍ አለብዎት። ባዶ ቧንቧ አይፈነዳም።

ለማራገፍ ደግሞ ሩቢኔቱን መክፈት ብቻ አይበቃም። ውኃው ወደ ላይ አይወጣ! ከቫልቩ ቀጥሎ፣ ከሁሉ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ፣ ትንሽ የማራገፊያ ሩቢኔት ያስፈልጋል። ማራገፊያውን ሲከፍቱ የላይኛውንም ይክፈቱ፤ አየር ካልገባ ውኃው አይወርድም። በጣት የተደፈነ የለስላሳ መምጠጫ ውስጥ መጠጡ ተንጠልጥሎ እንደሚቀረው ማለት ነው። የሚወጣው ያችው አንድ ብርጭቆ የማይሞላ ውኃ ናት።

ስለ ቧንቧው ዓይነት የሰጡዎት ሁለቱም ምክር ጥያቄውን ስተውታል። ወፍራሙ ብረት ግድግዳው ቢጠነክርም ጥርስ ወጥቶለት ይሳሳል፣ ሩቢኔቱም ያው ነው። ፒፒአር ሙቀትን ከብረት ይልቅ ቀስ ብሎ ስለሚያሳልፍ ጥቂት ጊዜ ይገዛልዎታል። ነገር ግን ዜሮ አካባቢ ሲደርስ ይደርቃል፤ በዚያ ሰዓት ባልዲ ቢጋጨው ይሰነጠቃል። ውጭ ተገትሮ ፀሐይ ሲያገኘውም በዓመታት ውስጥ ይሞታል። ከሁሉ የተሻለ ብርድ የሚችለው በጥቅል የሚሸጠው ጥቁሩ ፕላስቲክ፣ ኤችዲፒኢ ነው። ሲረጋበት ይለጠጣል፣ ሲቀልጥ ይመለሳል። እሱም ቢሆን ማያያዣዎቹ አይለጠጡምና ተማምነው ውጭ አይተዉት። ቦታው መሬት ውስጥ ነው።

መሬት ውስጥ ስንል ስንት? ወንድምዎ ለሚኖርበት አገር እውነቱን ነው። ሚኒሶታ ብርዱ ለወራት አይለቅም፤ ከሳምንት ሳምንት አፈሩን እያረጋ ወደ ታች ይወርዳል። የሕንፃ መሠረት እንኳ ከ1 ሜትር በላይ፣ በሰሜኑ ክፍል 1.5 ሜትር እንዲወርድ ደንቡ ያዛል። የውኃ መስመር ደግሞ ከዚያም ይጠልቃል። የእኛ ደጋ ሌላ ነው። ብርዱ በሌሊት ይመጣል፣ ረፋዱ ላይ ይሄዳል። ለመስመጥ ጊዜ አያገኝም። የቀንና የሌሊት መለዋወጥ አፈር ውስጥ በየ10 ወይም 12 ሳንቲ ሜትሩ ወደ ሲሶ ገደማ ይቀንሳል። ከላይ በ20 ዲግሪ የሚዋዥቀው፣ ግማሽ ሜትር ታች ሲደርስ ከግማሽ ዲግሪ በታች ነው። እዚያ ያለው አፈር የዓመቱን አማካይ ሙቀት ይዞ ነው የሚቀመጠው፤ በእናንተ አካባቢ ከ10 ዲግሪ በላይ። ስለዚህ 60 ሳንቲ ሜትር ይበቃዎታል። መኪና የሚያልፍበት ከሆነ ወደ 80 ያውርዱት፤ እሱም ለጎማው ክብደት ብለው እንጂ ለብርዱ አይደለም። ሁለት ሜትር መቆፈር የቀን ሠራተኛ ገንዘብ ማባከን ነው።

ቧንቧውን ጠቅልሎ ማሳደርስ? መጠቅለል ያዘገያል እንጂ አያሞቅም። ውስጡ ያለው ቆሞ የሚያድር ውኃ ሌላ የሙቀት ምንጭ የለውም። ግን ማዘግየት በእኛ ደጋ ከሚኒሶታ የበለጠ ዋጋ አለው፤ ሌሊቱን ካለፉት ፀሐይ ትደርስልዎታለችና። ምክንያቱም ይኸው፦ ውኃን ከ8 ዲግሪ ወደ ዜሮ ለማውረድ ከሚወጣው ሙቀት ይልቅ፣ ዜሮ ላይ ሆኖ ለመርጋት የሚወጣው አሥር እጥፍ ነው። ስለዚህ ማቀዝቀዙ በጥቂት ሰዓት ያልቃል፣ መርጋቱ ግን ቀስ ይላል። ጥሩ ልባስ ይህን ጊዜ ያራዝመዋል። ደረቅ ጭድ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ በላዩ ላስቲክ ማልበስ ይሠራል። ላስቲኩን ግን አይርሱ። ጤዛ የጠጣ ጭድ ከባዶ ብረት ብዙም አይሻልም። ሩቢኔቱንም አብረው ይሸፍኑ፤ ሰው ሁሌ ቧንቧውን ጠቅልሎ ሩቢኔቱን ራቁቱን ይተወዋል።

እንግዲህ የምመክርዎት እንዲህ ነው። የግቢውን መስመር በኤችዲፒኢ ቀይረው 60 ሳንቲ ሜትር ይቅበሩት። ወደ ቤት የሚገባው ከቤቱ ወለል በታች አልፎ ውስጥ ይውጣ እንጂ የውጭ ግድግዳ ተደግፎ አይውጣ። የግቢው ሩቢኔት ካስፈለገዎት፣ ከሥሩ ትንሽ የግንብ ጉድጓድ ያሠሩ። በጉድጓዱ ውስጥ፣ በመስመሩ ጥልቀት ላይ ቫልቭ፣ ከቫልቩ በላይ ደግሞ በቲ የወጣ ማራገፊያ ይግባ። ከላይ ክዳን፣ ከታች ጠጠር። ከኅዳር እስከ ጥር ማታ ማታ ቫልቩን ይዝጉ፣ ሩቢኔቱን ይክፈቱ፣ ማራገፊያውን ይክፈቱ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አንድ ማሳሰቢያ፦ ማራገፊያው ሁሌ ክፍት የሆነ ቀዳዳ እንዳይሆን። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ መስመሩ ሲጎድል ወደ ውስጥ ይስባል፤ ጉድጓዱ ጎርፍ ከገባበት ያን ቆሻሻ ውኃ ነው የሚጠጡት። ስለዚህ በእጅ የሚከፈትና የሚዘጋ ይሁን፣ ጠዋት ቫልቩን ከመክፈትዎ በፊት ይዝጉት።

ቁፋሮው እስኪደርስ፣ ሩቢኔቱ ጠብ ጠብ እያለ ይደር። በሴኮንድ አንዲት ጠብታ ይበቃል። ሌሊቱን ሙሉ ወደ 2 ሊትር ነው የሚወጣው፣ ጀሪካን ይደቅኑበት። ጥቅሙ ሁለት ነው። ከመሬት ውስጥ ለብ ያለ ውኃ ወደ ላይ ያመጣል። ከዚያ የሚበልጠው ግን፣ ቡሹ ቢፈጠር እንኳ ከላይ ያለው ውኃ አይታፈንም። ይህ የሚሠራው ውኃው ሌሊት ካልጠፋ ብቻ ነው። ፈረቃው ሌሊት የሚያቋርጥ ከሆነ ሩቢኔቱን ከፍተው መተኛት ይሻላል፤ ከሥሩ ግን ፍሳሽ ይኑር፣ አለዚያ ውኃው ሲመጣ ግቢው ኩሬ ይሆናል።

ሮቶ ካለዎት ስለ ሮቶው አይጨነቁ። አንድ ሺህ ሊትር ውኃ በአንድ ሌሊት አይረጋም፤ ከላይ ስስ ሽፋን ቢይዝ ነው። የሚረጋው ከሥሩ የሚወጣው ቀጭን ቧንቧ ነው። እሱን ይጠቅልሉ። ጣሪያ ላይ የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ ያለው ሰው ደግሞ በተለይ ይጠንቀቅ። ያ ጠፍጣፋ ሳጥን ቀን ፀሐይን የሚቀበልበት ፊቱ፣ ሌሊት ሙቀቱን ለሰማይ የሚለቅበት ነው። አየሩ ከዜሮ በላይ እያለም ውስጡ ያሉት ቀጫጭን ቱቦዎች ሊረጉ ይችላሉ።

አንድ ጠዋት ተነሥተው ጎረቤት ውኃ እየቀዳ የእርስዎ ሩቢኔት ዝም ካለ፣ ረግቷል ማለት ነው። መጀመሪያ ዋናውን ቫልቭ ይዝጉ፤ ተሰንጥቆ ከሆነ ሲቀልጥ ይጎርፋልና። ቀጥሎ ሩቢኔቱን ይክፈቱ። ከዚያ በሙቅ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ከሩቢኔቱ ጀምረው ወደ ታች እየጠቀለሉ ይውረዱ። ከመሀል ወይም ከታች አይጀምሩ፤ የቀለጠው ውኃ መውጫ ያጣል። የፈላ ውኃ አይድፉበት፣ ጭራሮም አያንድዱበት። በእሳት የሚያቀልጡ አይቻለሁ፤ በሁለት በረዶ መካከል የታፈነው ውኃ በእንፋሎት ሲፈነዳ ፊት ላይ ነው የሚመጣው። ፒፒአር ከሆነማ በረዶው ሳይቀልጥ ቧንቧው ይቀልጣል። ጨርቁ ሩብ ሰዓት ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ከዚያ ቫልቩን በጥቂቱ ይክፈቱ፤ ውኃው መንጠባጠብ ሲጀምር ሩቢኔቱን ይዝጉና ከላይ እስከ ታች በደረቅ እጅ ይዳብሱት። እርጥብ ያገኙበት ቦታ ካለ፣ ስንጥቁ እዚያ ነው።